በሌላ ሰው ስም መጻፍ፦ ቃሉ የማን ነው?

(በወልቂጤ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከቀረበ የአደባባይ ገለጻ የተገለበጠ)



ዛሬ የምናገረው ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ የሠራነው፣ ነገር ግን በአደባባይ የማናነሣው ሥራ ነው። አንድ ሰው ንግግር ወይም መጣጥፍ ይፈልጋል፤ ሐሳብ አለው፤ ለመጻፍ ግን ጊዜ ወይም ልምድ ያጥረዋል። ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ ጽሑፉ የሚወጣው ግን በባለጉዳዩ ስም ነው። በዚህ ገለጻ ውስጥ የመጀመሪያውን «ባለስሙ»፣ ሁለተኛውን «ጸሐፊው» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ነገሩን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመስቀል ሰሞን፣ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ አዳዲስ የመማሪያ ክፍሎች ተመረቁ። የክብር ንግግሩን ያደረጉት በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው በንግድ የተሳካላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ንግግሩን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ ይህንንም ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ የምናገረው እርሳቸው ፈቅደውልኝ፣ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን ሰውሬ ነው።

በንግግሩ መካከል ስለ አባታቸው የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ለትውልድ አካባቢያቸው መንገድ ለማሠራት ተደራጅተው መዋጮ ይሰበስቡ እንደነበር ታውቃላችሁ። እኔም «አባቴ ለመንገዳችን ገንዘባቸውን ካዋጡት ቀዳሚዎች አንዱ ነበሩ» ብዬ ጻፍሁ። ባለስሙ አነበቡት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ተባረክ። ነገር ግን አባትህ ገንዘብ አልነበረውም። ያዋጡት ከተማ የነበሩት ናቸው። እሱ ድንጋይ ሲሸከም ነው የከረመው፤ ትከሻው ቆስሎ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ተናጋሪው ዝም አሉ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ተነሥቼ «ስሕተቱ የእኔ ነው» ማለት አልቻልሁም፤ እንዲያ ብል ኖሮ ሁለተኛ በደል እጨምርባቸው ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር ከየት መጣ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው ስለ ሥራው አሁን የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርሁት። የቃለ መጠይቁ፣ የምስጢሩ፣ የዋጋውና የስሙ ጉዳይ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳል፤ ቃሉ የማን ነው?

ማኅተሙ የማን ነው?

በሌላ ሰው ስም መጻፍ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በቤተ መንግሥታችን ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ከፍተኛ ማዕረግ ነበር። የንጉሡ ደብዳቤ በጸሐፊ እጅ ይጻፋል፤ ደብዳቤውን የንጉሡ የሚያደርገው ግን ማኅተሙ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩትን ደብዳቤ አስታውሱ። የደብዳቤው መልስ ሲዘገይ የተፈጠረው ቅያሜ እስከ መቅደላው ጦርነት፣ እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ አደረሰ። ብዕሩን የያዘው ጸሐፊ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቃሉ የባለ ማኅተሙ ነበር፤ የሚያስከትለውም ነገር የባለ ማኅተሙ ነበር።

ዛሬም በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄዱ በአካባቢው ማመልከቻ ጸሐፊዎች ታያላችሁ። ባለጉዳዩ በጉራጊኛ ይናገራል፤ ጸሐፊው በአማርኛ፣ ፍርድ ቤቱ በለመደው አቀራረብ ይጽፋል፤ ባለጉዳዩ ይፈርማል። ዳኛው ማመልከቻውን ባለጉዳዩ ራሱ እንዳልጻፈው ያውቃል። ማንም አልተታለለም፤ ምክንያቱም ዳኛው የሚመዝነው የማመልከቻውን አጻጻፍ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ፍሬ ነገር ነው።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች አንድ መለኪያ እናገኛለን። ጸሐፊው ማዋስ የሚችለው ቋንቋውን ነው፤ ፍሬ ነገሩ፣ አቋሙና ተጠያቂነቱ የባለስሙ መሆን አለበት። እኔ በዚያ የመስቀል ንግግር ላይ ያዋስሁት ቋንቋ ብቻ አልነበረም። ፍሬ ነገርም ጨምሬ ነበር።

ቃለ መጠይቁ

ቃለ መጠይቁ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው። ልምድ የሌለው ጸሐፊ አንድ ጊዜ ስልክ ደውሎ «ምን ማለት ይፈልጋሉ?» ይልና ወደ ጽሕፈቱ ይገባል። ባለስሙም «ስለ ልማት፣ ስለ አንድነት» ይላሉ። እንዲህ ያለ መልስ የማንንም ሰው ንግግር ይሞላል፤ የእርሳቸው ብቻ የሆነ ነገር ግን የለውም።

አሁን የምሠራው ቢያንስ በሁለት ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ ንግግሩ አልጠይቅም፤ ስለ ዕለቱና ስለ አድማጩ እጠይቃለሁ። ማን ይሰበሰባል? ከእርስዎ በፊት ማን ይናገራል? ከአድማጮቹ መካከል ስለዚህ ጉዳይ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ አካባቢ ወሳኝ ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካን ሸንጎ የሚያውቅ ሰው ንግግር እንዴት እንደሚመዘን ያውቃል። ሽማግሌው ወረቀት አይዝም፤ የማን አባት ምን እንዳደረገ ግን ያስታውሳል። የዚያን ዕለት ሽማግሌው ተነሥተው ያረሙን እንዲህ ባለው ልማድ ነው። እኔ ጥያቄውን አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ባለስሙ እኚህን ሽማግሌ ይጠቅሱልኝ ነበር፤ ሄጄም አነጋግራቸው ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ፈቃድ ጠይቄ ድምፅ እቀዳለሁ። ሰውየው በሚቀናቸው ቋንቋ እንዲናገሩ አደርጋለሁ። ንግግሩ በአማርኛ ቢሆንም እንኳ የልጅነታቸው ትዝታ በቸሀ ወይም በእዣ አነጋገር ሲመጣ ሌላ ሕይወት አለው፤ ቡታጅራ አካባቢ ደግሞ በመስቃን ወይም በሌላ አነጋገር ሊመጣ ይችላል። ያልገባኝን ቃል በግምት አልፌ አልሄድም፤ ወዲያው ትርጉሙን ጠይቄ አጠገቡ እጽፋለሁ። ጥያቄዎቼም ስለ አስተያየት ሳይሆን ስለ ትዕይንት ናቸው። የት ቆመው ነበር? በእጃቸው ምን ይዘው ነበር? ማን ምን አለ? ይህንን በዓይንዎ አዩ ወይስ ሰሙ?

የእኔ ስሕተት የተወለደው ከዚህ የመጨረሻ ጥያቄ መቅረት ነው። ቅጂውን በኋላ ደጋግሜ ሰማሁት። ባለስሙ ያሉት «አባቴ ለዚያ መንገድ ያልሰጠው ነገር የለም» ነበር። እርሳቸው ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ የሰሙትን ነው የነገሩኝ። እኔ ደግሞ ስለ መንገዱ መዋጮ አንብቤ ስለነበር «መስጠት» የሚለውን ቃል ገንዘብ አድርጌ ተረጎምሁት። «ምን ሰጡ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ከዚያ «ቀዳሚዎች» የሚለውን ቃል ለዓረፍተ ነገሩ ዜማ ስል ጨመርሁ። ባለስሙም ሲያነቡት የአባታቸውን ክብር የሚጨምር ሆኖ ስላገኙት ዝም ብለው ተቀበሉት። በዚህ ሥራ ውስጥ ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው። ጸሐፊው ይገምታል፤ ባለስሙ ደግሞ «የተማረ ሰው የጻፈው ነው» ብሎ ያምናል። እያንዳንዱ ሌላው ያጣራ ይመስለዋል።

ስለዚህ ረቂቁን አሁን በሦስት ቀለም አሰምርበታለሁ። ባለስሙ በቅጂው ላይ ቃል በቃል ያሉትን በአንድ ቀለም፣ ከንግግራቸው ተነሥቼ የደረስሁበትን በሁለተኛው፣ ከራሴ ያመጣሁትን በሦስተኛው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀለም አንድ በአንድ እያሳየሁ «ይህ እውነት ነው? እንዴት ያውቁታል? ቢጠየቁ ምን ይመልሳሉ?» እላለሁ። መልስ የሌለው ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ የቱንም ያህል ቢያምር ይወጣል። በዚያ የመስቀል ንግግር ይህንን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያ ዓረፍተ ነገር በሁለተኛው ቀለም ተሰምሮበት ይገኝ ነበር፤ «ቀዳሚዎች» የሚለው ቃልም በሦስተኛው።

የመጨረሻው ፈተና የጆሮ ነው። ባለስሙ ረቂቁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነብቡልኛል፤ እኔ እርሳስ ይዤ አዳምጣለሁ። የተደናቀፉበት ቦታ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩ የእኔ እንጂ የእርሳቸው እንዳልሆነ ይነግረኛል። ትንፋሽ ካጠራቸው ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንድን ቃል ሲያነቡ በሌላ ቃል ከተኩት የእርሳቸውን ቃል አስገባለሁ። ርዝመቱንም የምለካው በዚሁ ጊዜ ነው። በእኔ ልምድ ሰው በዝግታ፣ ለሕዝብ ሲናገር በደቂቃ ወደ 85 የአማርኛ ቃላት ያህል ይወጣዋል። ስለዚህ የ12 ደቂቃ ንግግር ከ1,000 ቃል እምብዛም አይበልጥም። ሁለት ሺህ ቃል ጽፎ የሚሰጥ ጸሐፊ ባለስሙን መድረክ ላይ ገጽ እየዘለሉ እንዲያነብቡ ይፈርድባቸዋል።

ምስጢሩ

ምስጢር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጽሑፉን የጻፈው ማን እንደሆነ አለመናገር። እኔ ግን ሦስት ነገሮችን ለይቼ አያለሁ። አንደኛው መጻፌ ራሱ ነው። ሁለተኛው በቃለ መጠይቁ ላይ የሰማሁትና በንግግሩ ውስጥ ያልገባው ነገር ነው፤ የቤተሰብ ጠብ፣ ዕዳ፣ በሽታ። ሦስተኛው ረቂቁ ነው፤ ባለስሙ መጀመሪያ ብለውት በኋላ የሰረዙት ነገር። በእኔ እምነት ከሦስቱ ከባዱ ሁለተኛው ነው። ጻፍሁላቸው ብል ሰውየው ያፍሩ ይሆናል፤ የነገሩኝን ባወጣ ግን ቤታቸው ይፈርሳል።

በትንሽ ከተማ ምስጢር የሚወጣው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን በዝርክርክነት ነው። ረቂቁን በፍላሽ ይዞ ማተሚያ ቤት መሄድ፣ ፋይሉን እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ገልብጦ መርሳት፣ ለትየባ ሰጥቶ «የእገሌ ንግግር ነው» ማለት። የወልቂጤ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የተረሳ ፋይል እስከ ማታ ድረስ ማን እጅ እንደሚገባ መገመት አይከብድም። ስለዚህ ፋይሉን በባለስሙ ስም አልሰይመውም፤ በራሴ ኮምፒዩተር እተይባለሁ፤ የመጨረሻውን ቅጂ የሚያሳትሙት ባለስሙ ራሳቸው ናቸው። የድምፅ ቅጂው ንግግሩ ከተደረገ በኋላ ለእርሳቸው ይሰጣል፤ ከእኔ ዘንድ ይጠፋል። ይህ ሁሉ በውላችን ላይ ይጻፋል። ጠበቃና ሐኪም ስለ ምስጢር አጠባበቅ የሙያ ሕግ አላቸው፤ በሌላ ሰው ስም የሚጽፍ ሰው ግን የሚይዘው ውሉና ሕሊናው ነው። በውሉ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሲያጨቃጭቅ ይኖራል።

ምስጢር ሌላም ግዴታ ያመጣል። በአንድ የገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ ላይ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ወደ እኔ ቢመጡ፣ ሁለተኛውን ምክንያቱን ሳልናገር እመልሳለሁ። የአንዱን ሐሳብ እያወቅሁ የሌላውን ስጽፍ አለማዋስ አልችልም፤ «ሌላ ሰው ቀድሞዎታል» ብል ደግሞ የመጀመሪያውን ምስጢር አወጣሁ ማለት ነው። «በዚህ ቀን ሥራ አለኝ» ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነው።

ምስጢሩ ወሰን አለው ወይ ብትሉኝ፣ አለው። ባለስሙ እውነት እንዳልሆነ የማውቀውን ነገር እንድጽፍ ቢጠይቁ ሥራውን ትቼ እወጣለሁ፤ የወጣሁበትን ምክንያት ግን ለሌላ አልናገርም። በዚያ የመስቀል ዕለት ደግሞ የምስጢርን ሌላ ገጽታ አየሁ። ባለስሙ ስሕተቱን በእኔ ላይ ሊያላክኩ ይችሉ ነበር። «ጸሐፊ ነው ያሳሳተኝ» የሚል አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። አላሉም። ምስጢር ጸሐፊው ለባለስሙ የሚጠብቀው ነገር ብቻ እንደሆነ አስብ ነበር፤ በዚያ ዕለት ግን የተጠበቅሁት እኔ ነበርሁ።

ዋጋው

ስለ ዋጋ መናገር በመምህራን ዘንድ እንደ ነውር ይታያል። በዚህም ምክንያት ብዙዎቻችን ወይ በነጻ እንሠራለን፤ ወይም በገጽ እንተምናለን። በገጽ መተመን ለማመልከቻ ይሆናል፤ ለንግግር ግን ያሳስታል። የ12 ደቂቃ ንግግር ሲታተም አራት ገጽ ያህል ነው። ባለስሙ አራት ገጽ አይቶ የአራት ገጽ ትየባ ዋጋ ያስባል። ጸሐፊውም በገጽ ከተከፈለ ገጽ ማብዛት ይጠቅመዋል፤ የሥራው ጥራት ግን በመቀነስ ነው።

እኔ የምተምነው በሰዓት ነው። አንድ ንግግር በምሳሌ ልተንትን። ስለ ዕለቱና ስለ ቦታው ለመዘጋጀት 2 ሰዓት፣ ለሁለቱ ቀጠሮዎች 3 ሰዓት፣ የሁለት ሰዓት ተኩል ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ 10 ሰዓት፣ ለረቂቁ 6 ሰዓት፣ ፍሬ ነገሩን ከሌሎች ሰዎች ለማጣራት 3 ሰዓት፣ ከባለስሙ ጋር ድምፅ ከፍ አድርጎ ለማንበብ 2 ሰዓት፣ ለሁለት ዙር እርማት 4 ሰዓት። ድምሩ 30 ሰዓት ነው። ለስሌት ያህል ሰዓቱን 400 ብር ብንለው 12,000 ብር ይሆናል። ከ30 ሰዓት ውስጥ ረቂቁ ራሱ የወሰደው 6 ሰዓት፣ አንድ አምስተኛው ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። የቀረው ጊዜ የሚጠፋው በመስማት፣ በመገልበጥና በማጣራት ነው።

ዋጋ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀረው እነዚያ 3 የማጣሪያ ሰዓቶች ናቸው፤ ምክንያቱም ባለስሙ አያያቸውም። የእኔም ታሪክ ይኸው ነው። ያንን ሥራ በወዳጅነት፣ በግማሽ ዋጋ ተቀበልሁ። ጊዜ ስላጠረኝም ሽማግሌዎችን ሄጄ አላነጋገርሁም። አሁን ወዳጅ ሲመጣ ወይ ሙሉ ዋጋ እቀበላለሁ፤ ወይም ጨርሶ ያለ ዋጋ እሠራለሁ። በነጻ ስሠራ ሥራው ስጦታ ስለሚሆን አላጓድለውም፤ በግማሽ ዋጋ ስሠራ ግን ሳላውቀው ግማሽ ሥራ ሠራሁ።

ክፍያውን በሦስት እከፍለዋለሁ፤ ሲሶው ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት፣ ሲሶው ረቂቁ ሲደርስ፣ ሲሶው ከመጨረሻው ንባብ በኋላ። በዋጋው ውስጥ ሁለት ዙር እርማት አለ፤ ሦስተኛው በሰዓት ይታሰባል። ይህ ካልተጻፈ የባለስሙ ወንድም፣ ልጅና ጸሐፊ እያንዳንዳቸው አስተያየት ይዘው ይመጣሉ፤ ንግግሩም የማንም ሳይሆን ይቀራል። ከሚሰበሰበው ገንዘብ በመቶኛ ተቀበል ስባል ግን እምቢ እላለሁ። ጥቅሜ በሚዋጣው ብር ላይ ከተንጠለጠለ አድማጩን የሚያስለቅስ ነገር መፈብረክ ያምረኛል፤ መዋጮውም ለትምህርት ቤቱ እንጂ ለእኔ የተሰጠ አይደለም።

ስሙ

በመጨረሻ የስም ጉዳይ አለ፤ እዚህ ላይ ተማሪዎች በተለይ እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

ሕጋችን ሁለት መብቶችን ይለያል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው። ማለትም ንግግሩን ማሳተም፣ ማባዛትና መሸጥ የባለስሙ ነው። የሞራል መብት ግን ከሥራው አመንጪ ጋር ይኖራል፤ አመንጪው ስሙ እንዲጠራለት የመጠየቅ ወይም ስሙ ሳይታወቅ የመቆየት መብት አለው። ስለዚህ የጸሐፊው ዝምታ የመብት አለመኖር አይደለም፤ በፈቃድ የተደረገ ምርጫ ነው። ይህን ምርጫ በውሉ ላይ በግልጽ አጽፋለሁ፤ ንግግሩ ወደፊት በመጽሐፍ ቢታተም የእኔ ስም በምስጋና ገጹ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውንም ጭምር።

ይህ ካልተወሰነ ምን እንደሚሆን ከአሜሪካ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ጆን ኬኔዲ ስለ ስምንት ሴናተሮች ድፍረት የሚተርክ መጽሐፍ በስማቸው አሳትመው እ.ኤ.አ. በ1957 የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። በዚያው ዓመት መጽሐፉን ሌላ ሰው ነው የጻፈላቸው የሚል ክስ በቴሌቪዥን ተሰማ። ረዳታቸው ቴድ ሶረንሰን የመጽሐፉ ደራሲ ኬኔዲ መሆናቸውን በመሐላ ቃል አረጋገጡ፤ ጣቢያውም ቃሉን ሳበ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ማስታወሻ ላይ ግን ሶረንሰን የአብዛኞቹን ምዕራፎች የመጀመሪያ ረቂቅ እንዳዘጋጁ ጻፉ። ልብ በሉ፤ ሶረንሰን ለኬኔዲ ንግግሮችን በማርቀቅም ይታወቁ ነበር፤ በንግግሮቹ ላይ እንዲህ ያለ ሙግት አልተነሣም። ፕሬዚዳንት ንግግር ጸሐፊ እንዳለው አድማጭ ያውቃል። ሽልማት ግን የሚሰጠው ለደራሲነቱ ነው። ሙግቱ የመጣው ስሙ ራሱ በሚመዘንበት ቦታ ላይ ነው።

ይህ ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች መሠረታዊ ልዩነት ነው። የነጋዴው ንግግር የሚመዘነው ትምህርት ቤቱ ተሠራ ወይ፣ የተባለው እውነት ነው ወይ ተብሎ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን የሚመዘነው «ይህ ሰው ራሱ መመርመርና መጻፍ ይችላል ወይ?» ተብሎ ነው። እዚያ ላይ ቋንቋውን ማዋስ ፈተናውን መፈተን ነው። በምስጢር፣ በቃለ መጠይቅ፣ በጥሩ ዋጋ ብትሠሩትም ማታለል መሆኑ አይቀርም፤ ምስጢሩም የሚጠብቀው ማታለሉን ነው። ለሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ እንድትጽፉ ሲቀርብላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሳይንሳዊ መጣጥፍ ደግሞ በመካከል ይገኛል። ከእኛ ሩቅ ባልሆነ ቦታ፣ በቡታጅራ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገጠር ጤና ጥናት ሲያካሂድ ኖሯል፤ ከዚያ መረጃም ብዙ የምርምር መጣጥፎች ወጥተዋል። እንዲህ ባለ ሥራ ቤት ለቤት እየሄደ መረጃ የሚሰበስብ፣ መረጃውን የሚተነትን፣ ቋንቋውን የሚያስተካክል ሰው አለ። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መመሪያ መልሱን አስቀምጧል። ደራሲ ለመባል በጥናቱ ይዘት ላይ በቂ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ በጽሑፉ ዝግጅት መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ስለ ሥራው ተጠያቂ መሆን፣ አራቱም ያስፈልጋሉ። በቋንቋ ብቻ የረዳ ሰው ደራሲ አይባልም፤ ነገር ግን አይደበቅም፤ በምስጋናው ላይ በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ለተመራማሪ መጣጥፍ ስትረዱ የምስጢር ውል አትፈርሙ። በነጋዴው ንግግር ላይ ተገቢ የሆነው ዝምታ እዚህ ቦታ የለውም።

ወደ ሽማግሌው ስንመለስ

ሽማግሌው ከተናገሩ በኋላ ባለስሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ ብያችሁ ነበር። ከዚያ ወረቀቴን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በጉራጊኛ መናገር ጀመሩ። «አባቴ ገንዘብ እንዳልነበረው አላውቅም ነበር። ትከሻው ላይ ጠባሳ እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ከምን እንደመጣ ዛሬ ነው የሰማሁት» አሉ። ሌላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተናገሩ። ከጻፍሁት ሁሉ የሰው ልብ የገባው ያ ነበር፤ እኔ ግን አልጻፍሁትም።

በማግሥቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ የተቀበልሁትን ገንዘብም ልመልስ አልሁ። «ገንዘቡን ያዘው» አሉኝ፤ «ለትምህርት ቤቱ መጽሔት ንግግሩን እንደገና ጻፈው። ሽማግሌውን ግን መጀመሪያ አነጋግራቸው።» ሄጄ አነጋገርኋቸው። ስለ ጠባሳው፣ ስለ ድንጋዩ፣ አብረዋቸው ስለተሸከሙት ሰዎች ሦስት ሰዓት ነገሩኝ። ከዋጋው ላይ የቀነስሁት የማጣሪያ ጊዜ ያ ነበር።

ባለስሙን አስፈቅጄ በታተመው መጣጥፍ መጨረሻ ላይ የሽማግሌው ስም «ታሪኩን የነገሩን» ተብሎ ገባ። የእኔ ስም አልገባም፤ መግባትም አልነበረበትም።